ነጩ ቀሚስና ጠይሙ ፊት

የሠርግ አልበም ስትገልጡ ቀሚሱ እንደ በረዶ ነጥቶ፣ ጥለቱ ክር በክር እየተቆጠረ፣ የሙሽሪት ፊት ግን አመድ የነሰነሱበት መስሎ ታገኙታላችሁ። ጠይሟ ልጅ ቤተሰቧ የሚያውቃት ጠይም አይደለችም። ብዙ ሰው በሜካፑ ያሳብባል። ሠርግ ሳነሳ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቀሚሱ እንደሚጀምር ነው።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ያሰላል። ፊት የሚለዩ አዳዲስ ካሜራዎችም ከዚህ ልማድ ጨርሰው አልተላቀቁም። ጠዋት በሙሽሪት ቤት መስኮት አጠገብ ነን እንበል። ካሜራው 1/250፣ f/2.8፣ ISO 400 ብሎኛል። ከፎቶው ግማሽ በላይ ነጭ ቀሚስ ስለሆነ ብርሃን የበዛ መስሎት ቀንሷል። ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ ጥላ ውስጥ የገባ ይሆናል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያን ፊት ጎትቶ ማብራት ይቻላል፤ ነገር ግን ጨለማው ውስጥ ካሜራው የመዘገበው ቀለም ጥቂት ስለሆነ የሚወጣው ነጠብጣብ የበዛበት፣ ደም የሌለው ግራጫ ነው። መፍትሔው እዚያው ፍጥነቱን ወደ 1/125 አውርዶ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። የቀሚሱ ሽመና ከጠፋና የካሜራው ማስጠንቀቂያ ብልጭ ድርግም ካለ ትንሽ መመለስ ይበቃል።

ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ሊሳሳት ይችላል። መለኪያውን ፊቷ ላይ ብቻ ያነጣጥርና ካሜራው ያለውን እንዳለ ይቀበላል። ያው ካሜራ አሁን ደግሞ ጠይሙን ፊት ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያወጣው ብርሃን ይጨምራል። ግንባሯና ጉንጯ ያብረቀርቃሉ፤ ጠይምነቷ ይታጠባል። እኔ ከፊት ላይ ከለካሁ በኋላ ለጠይም ሰው ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ በጣም ለጠቆረ ሰው አንድ ሙሉ እርከን እቀንሳለሁ።

ችግሩ በእኛ ዘመን አልተጀመረም። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ኩባንያው ፊልሙ የቡናማ ዓይነቶችን በደንብ እንዲለይ ካነሳሱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። የጥቁር ሰዎች ፊት ሳይሆን የቁም ሣጥን ቀለም መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል።

የብርሃኑ መጠን ልክ ሆኖም ፊት አመድ ሊመስል ይችላል፤ ይህኛው የዋይት ባላንስ ጉዳይ ነው። ቡናማ ማለት ብርሃን ያነሰው ብርቱካናማ ነው። የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው፤ ጥቂት ሰማያዊ ሲጨመርበት ቀለሙን ያጠፋውና ግራጫ ያደርገዋል። ሰማያዊው የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በቀሚሱ በኩል ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጭ ቢባልም ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። ኤዲተሩ በላይትሩም «ነጩ ይህ ነው» ብሎ ቀሚሱን ሲነካ፣ ፕሮግራሙ ቅቤማውን ቀለም ለማጥፋት በሙሉ ፎቶው ላይ ሰማያዊ ይጨምራል። ቀሚሱ ይነጣል፤ የሙሽሪት ጉንጭ ያመዳል።

ስለዚህ ጨርቁን ትቼ ግራጫ ካርድ እይዛለሁ። ሙሽሪት ከፊቷ አጠገብ ይዛው አንድ ፎቶ አነሳና በኋላ የምነካው እሱን ነው። ዓይን ስለሚለምድ ቁጥሩንም አያለሁ። ላይትሩም ውስጥ ጠቋሚውን ጉንጯ ላይ ሳሳርፍ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። R 46፣ G 34፣ B 27 ዓይነት ከሆነ፣ ቀዩ ከሁሉ በልጦ ሰማያዊው ከታች ስላለ ፊቱ ሕይወት አለው። 39፣ 37፣ 36 ከሆነ ግን ሦስቱ ተጠጋግተዋል፤ አመድ ማለት ይኸው ነው።

ካርዱ የማያድነውም አለ። የአዳራሽ ሐምራዊ መብራት ሌሎቹን ቀለሞች አብሮ ስለማያመጣ፣ ያልመጣውን ማንም አይመልሰውም። ቤት ውስጥ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ፣ የአምፖሉ ቢጫ ሆኖ አንዱን ፊት ለሁለት ሲከፍለው አንድ ማስተካከያ ለሁለቱ አይሆንም።

በቅርቡ አንዲት የሙሽራ እናት «እማማ፣ አምፖሉን ያጥፉልኝ» ብላቸው ደነገጡ። «በሠርግ ቀን ቤቴ ይጨልም?» አሉኝ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኳቸው። አጠፉት፤ መጋረጃውን ከፈትን፤ ነጠላቸውንም በጥላው ጉንጭ በኩል ዘርግተው እንዲቆሙ አደረግሁ። የመስኮቱ ብርሃን ከነጠላው እየተመለሰ የልጃቸውን ፊት ከሁለቱም ወገን ሞላው።