ቤዝ ፕሌት

ቤዝ ፕሌት ወይም የዓምድ እግር ሳህን በብረት ዓምድ የታችኛው ጫፍ ላይ በብየዳ የሚያያዝና የዓምዱን ጭነት በሥሩ ላለው ኮንክሪት የሚያከፋፍል ወፍራም የብረት ሳህን ነው። በግንባታ የተለመደው ኤስ 235 የተባለው ብረት በካሬ ሚሊ ሜትር 235 ኒውተን ሲሸከም፣ የመሠረት ኮንክሪት ለስሌት የሚወሰደው ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኒውተን አይበልጥም። ስለዚህ በዓምዱ ጠባብ ስፋት ተጨምቆ የሚወርደው ጭነት ኮንክሪቱን እንዳይሰባብር ሰፋ ወዳለ ቦታ መዘርጋት ይኖርበታል። ሳህኑ ከመሠረቱ ጋር የሚታሰረው ኮንክሪቱ ሲሞላ አብረው በሚቀበሩ ብሎኖች ሲሆን፣ እነዚህም አንከር ቦልት ይባላሉ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለፋብሪካና ለመጋዘን የሚሠሩ ሼዶች በርካታ ናቸው። የብረት ዓምድ በቆመበት ሼድ አብዛኛውን ጊዜ የዓምዱ እግር እንዲህ ባለ ሳህን ላይ ያርፋል። በኢትዮጵያ የብረት ሕንፃ ንድፍ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በኢቢሲኤስ 3 ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውሮፓ ኮድ የተወሰደው ኢኤስ ኢኤን 1993 የወጣ ሲሆን፣ ስለ ዓምድ እግር የሚናገረው ክፍል 1-8 ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ይህን ክፍል ይከተላል።

## ጭነቱ በሳህኑ ሥር እንዴት ይሰራጫል?

ጭነቱን ለሳህኑ ሙሉ ስፋት አካፍሎ የሚገኘውን ግፊት ከኮንክሪቱ ጥንካሬ ጋር ማነጻጸር ቀላል መንገድ ይመስላል። ይህ ትክክል የሚሆነው ግን ሳህኑ ፈጽሞ የማይታጠፍ ቢሆን ኖሮ ነው። በእውነቱ ከዓምዱ ርቆ የወጣው የሳህኑ ክፍል ከታች በሚመጣው ግፊት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም ኮንክሪቱን በሚገባ መጫን ያቆማል። ጭነቱን የሚያስተላልፈው ከዓምዱ ክንፎችና ከመካከለኛው ዌብ አጠገብ ያለው ክፍል ብቻ ይሆናል።

ኮዱ ይህን የሚሠራ ክፍል የሚወስነው c በተባለ ርቀት ነው። ከዓምዱ ብረት ፊት ጀምሮ እስከ c ድረስ ያለው ሳህን ሙሉ ግፊት እንደሚያስተላልፍ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ግን ምንም እንደማያስተላልፍ ይታሰባል። ርቀቱ የሚገኘው ሳህኑን አንድ ጫፉ እንደ ተያዘ ጣውላ በመቁጠር ነው። ከታች የሚገፋው ኃይል የሚፈጥረው መታጠፍ ሳህኑ ሳይጎብጥ ሊቋቋመው ከሚችለው ጋር እኩል ሲሆን፦

```
fjd · c² / 2 = fy · t² / 6
c = t · √( fy / (3 · fjd) )
```

በዚህ ውስጥ t የሳህኑ ውፍረት፣ fy የብረቱ ጥንካሬ፣ fjd ደግሞ ኮንክሪቱ በሳህኑ ሥር እንዲሸከም የሚፈቀድለት ግፊት ነው። ቀመሩ እንደሚያሳየው c የሚያድገው ከውፍረቱ ጋር ነው፤ ቀጭን ሳህን የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን የሚሠራው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው።

## የተሠራ ምሳሌ

በሰበታ ሊሠራ የታሰበ መጋዘን አለ እንበል። ቆጥ ወለል የሚሸከመው የውስጥ ዓምዱ ኤች ኢ ቢ 200 ሲሆን፣ 900 ኪሎ ኒውተን ቀጥ ያለ ጭነት ይወርድበታል። የዓምዱ ቁመትና ስፋት 200 ሚሜ፣ የክንፉ ውፍረት 15 ሚሜ፣ የዌቡ ውፍረት 9 ሚሜ ነው። ሳህኑ 320 በ320 ሚሜ ነው፤ የሚቀመጠውም ጎኑ 500 ሚሜ በሆነ የሲ 25/30 ኮንክሪት ላይ ነው።

የኮንክሪቱ ግፊት። የኮንክሪቱ የስሌት ጥንካሬ 0.85 × 25 ÷ 1.5 = 14.17 ኒውተን በካሬ ሚሜ ነው። ከሳህኑ ሥር የሚሞላው ግራውት ፍጹም ስለማይሆን ኮዱ ይህን በ2/3 ያበዛዋል። በሌላ በኩል ኮንክሪቱ ከሳህኑ ስለሚሰፋ ዙሪያው መካከሉን አቅፎ ይይዘዋል፤ በዚህም ጥንካሬው ከፍ ይላል። የጎኖቹ ጥምርታ 500 ÷ 320 ከ1.5 ስለሚበልጥ 1.5 መውሰድ ይቻላል። 2/3 እና 1.5 ስለሚጣፉ fjd መልሶ 14.17 ይሆናል።

የሚያስፈልገው ስፋት። 900,000 ÷ 14.17 ወደ 63,500 ካሬ ሚሜ ይሆናል። በሁለቱ ክንፎችና በዌቡ ዙሪያ ያለው የሚሠራ ስፋት በ c ሲገለጽ፦

```
A = 2(200 + 2c)(15 + 2c) + (170 − 2c)(9 + 2c)
  = 7530 + 1182c + 4c²
```

ይህ 63,500 እንዲሆን c 41.5 ሚሜ መሆን አለበት።

ውፍረቱ። ከላይ ባለው ቀመር √(235 ÷ (3 × 14.17)) = 2.35 ስለሆነ፣ t = 41.5 ÷ 2.35 = 17.7 ሚሜ ነው። በገበያ ከሚገኙት ውፍረቶች ቀጥሎ የሚመጣው 20 ሚሜ ይመረጣል።

ሌሎች ውፍረቶች ቢመረጡ ይኸው ሳህን የሚከተለውን ይሸከማል፦

| ውፍረት (ሚሜ) | c (ሚሜ) | የሚሸከመው ጭነት (ኪሎ ኒውተን) |
|---|---|---|
| 12 | 28 | 624 |
| 16 | 38 | 817 |
| 20 | 47 | 1,020 |
| 25 | 59 | 1,287 |

የ12 ሚሜው ረድፍ ልብ ሊባል ይገባዋል። 900 ኪሎ ኒውተኑ ለሳህኑ ሙሉ ስፋት ቢካፈል ግፊቱ 8.8 ኒውተን በካሬ ሚሜ ብቻ ስለሚሆን ከ14.17 በታች ነው፤ ሳህኑም ያለ ችግር ያለፈ ይመስላል። መታጠፉ ሲታሰብ ግን የሚሸከመው ከሚፈለገው ሲሶ ያህል ያንሳል። ሳህኑን ማስፋትም አይረዳም፤ c ገና ጠርዙ ላይ ስላልደረሰ የሚጨመረው ስፋት ሥራ አይኖረውም። መፍትሔው ውፍረት መጨመር ነው። በተቃራኒው ውፍረቱ ከ25 ሚሜ ብዙ ካለፈ c ከዓምዱ ወጥቶ የ60 ሚሜውን ጠርዝ ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በኋላ ማወፈር ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል።

## የአንከር ቦልት ፍተሻ

ቀጥ ያለ ጭነት ወደ ታች ሲጫን ብሎኖቹ የሚሸከሙት ነገር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ኮንክሪቱ ነው። ብሎኖቹ የሚመረመሩት በሌሎች ሦስት ሁኔታዎች ነው።

የጎን ግፊት። ዓምዱ ተጭኖ እያለ ትንሽ የጎን ኃይል ቢመጣ መጀመሪያ የሚቋቋመው በሳህኑና በግራውቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ለሲሚንቶና አሸዋ ግራውት ኮዱ የሚፈቅደው የጭነቱን 0.2 ነው። እዚህ ላይ መወሰድ ያለበት ከጎን ኃይሉ ጋር በአንድ ጊዜ የሚኖረው ዝቅተኛው ጭነት እንጂ 900ው አይደለም። ቆጡ ባዶ ሆኖ ነፋስ ሲነፍስ በዓምዱ ላይ የሚቀረው 250 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ ሰበቃው 50 ኪሎ ኒውተን ይይዛል።

ወደ ላይ መነሳት። ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ የሚሸከም የጠርዝ ዓምድ በኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። ተመሳሳይ ሳህን ያለው እንዲህ ዓይነት ዓምድ በ60 ኪሎ ኒውተን ቢሳብና በዌቡ ግራና ቀኝ አራት የኤም 20 ብሎኖች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱ 15 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል። ደረጃው 4.6 የሆነ ኤም 20 ብሎን ራሱ ሳይበጠስ የሚይዘው፦

```
0.9 · 400 · 245 / 1.25 = 70,560 N
```

ማለትም 70.6 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ ብረቱ በቂ ነው። ጥያቄው ብሎኑ ከኮንክሪቱ ተመዝዞ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ለለስላሳ ብረት የሚያዝበት ጥንካሬ 1.2 ኒውተን በካሬ ሚሜ ቢወሰድ፣ 15 ኪሎ ኒውተኑን ለመያዝ ቀጥ ያለው ብሎን 200 ሚሜ ያህል መቀበር አለበት። የብሎኑን ሙሉ 70.6 ለመጠቀም ግን 940 ሚሜ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ አጭር የተቀበረ ብሎንን ይበልጥ በጠነከረ ብረት መለወጥ ትርጉም የለውም። ጫፉ የታጠፈ ብሎንም የሚፈቀደው የብረቱ ጥንካሬ ከ300 ኒውተን በካሬ ሚሜ ካልበለጠ ነው፤ ለበለጠው ጫፉ ላይ ሳህን ይደረግለታል። በተጨማሪም ብሎኑ ኮንክሪቱን በሾጣጣ ቅርጽ ገንጥሎ እንዳይወጣ የመሠረቱ ቋሚ ፌሮ በቅርብ እንዲያልፍ ይደረጋል።

በዚሁ ሁኔታ ሳህኑም በሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። ብሎኑ ከዌቡ ብየዳ 45 ሚሜ ቢርቅና የሚያግዘው የሳህን ስፋት 90 ሚሜ ቢሆን፣ በ20 ሚሜው ሳህን ላይ የሚፈጠረው ውጥረት 113 ኒውተን በካሬ ሚሜ ነው፤ ከ235 በታች ስለሆነ ያልፋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ዓምዱ ሲነሳ ሰበቃው ስለሚጠፋ የጎኑን ኃይል ብሎኖቹ ብቻ መሸከም እንዳለባቸው ነው።

ዓምዱ ሲተከል። ዓምዱ ከላይ በአግዳሚ ሳይያያዝ ብቻውን በሚቆምበት ጊዜ የሚይዙት ብሎኖቹ ብቻ ናቸው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ እያንዳንዱ ዓምድ ቢያንስ አራት ብሎን እንዲኖረውና ከዓምዱ ፊት 46 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚንጠለጠል 136 ኪሎ ግራም እንዲችል ያዝዛል። ክብደቱ በዓምዱ ላይ የወጣን ሠራተኛ ከነመሣሪያው ያስባል። ስሌቱ ለጭነት ብሎን ባይጠይቅም አራት ብሎን የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

## በሥራ ቦታ የሚበላሸው

ከላይ ያለው ስሌት በሙሉ ሳህኑ በግራውት ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳረፈ ያስባል። ሳህኑ በዳዶ ወይም በብረት ሽብልቅ ተስተካክሎ ግራውቱ በደንብ ካልገባ ጭነቱ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ይወርዳል። ይህ በመዶሻ ቀስ ብሎ በመምታት ይታወቃል፤ ባዶ ያለበት ቦታ ጉምጉም ይላል። ለመከላከል በትልልቅ ሳህኖች ላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይበሳል። የግራውቱ ውፍረት ከሳህኑ ጠባብ ጎን 0.2 እንዳይበልጥ ኮዱ ይገድባል፤ በምሳሌው 64 ሚሜ ማለት ነው። ከ50 ሚሜ በላይ ከሆነ ደግሞ የግራውቱ ጥንካሬ ቢያንስ የኮንክሪቱን ያህል መሆን አለበት።

ሌላው ችግር ብሎኖቹ ኮንክሪቱ ሲሞላ ከቦታቸው መንሸራተታቸው ነው። በዚህ ጊዜ የሳህኑን ቀዳዳ በጋዝ ማስፋት የተለመደ ነው። ቀዳዳው ከዳዶው የሚቀራረብ ከሆነ ግን ሮንዴላው ሊሰምጥ ስለሚችል፣ በላዩ ወፍራም ሳህን ሮንዴላ ተደርጎ ይበየዳል። ብሎኖቹ በእንጨት ወይም በብረት ቅርጽ ተይዘው ቢሞሉ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ውፍረቱ ባልበቃ ሳህን ላይ የሚታየው ምልክት የማዕዘኖቹ ወደ ላይ መነሳትና በዓምዱ ዙሪያ የግራውቱ መሰባበር ነው።

## የስሌቱ ወሰን

ይህ ስሌት ጭነቱ በዓምዱ መካከል በቀጥታ ለሚወርድበት ሁኔታ ነው። የዓምዱ እግር እንዳይዞር ተይዞ ከተነደፈ፣ ወይም ሕንፃው ለመሬት መንቀጥቀጥ በኢኤስ ኢኤን 1998 ከተሰላ፣ በአንድ በኩል ያሉት ብሎኖች ሲሳቡ በሌላው በኩል ኮንክሪቱ ይጨመቃል። መረሬ አፈር ባለበት ቦታም መሠረቱ በክረምት አብጦ በበጋ ሲሸበሸብ ዓምዱ ሊያዘነብልና ያልታሰበ መታጠፍ ሊመጣ ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ሳህኑና ብሎኑ በተናጠል ሳይሆን በአንድ ላይ ይሰላሉ።