የሙቀት ፓምፕ አሠራርና በብርቱ ብርድ ጊዜ የሚደርስበት ድክመት

አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ የሚወስድ ተራ የክፍል ማሞቂያ ለቤቱ የሚሰጠው ሙቀት ያው አንድ ኪሎዋት ነው። የሙቀት ፓምፕ ግን በዚያው አንድ ኪሎዋት ሦስት ወይም አራት ኪሎዋት ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። ይህ የኃይል ጥበቃን ሕግ አይጥስም፤ ፓምፑ ኤሌክትሪኩን የሚጠቀምበት ሙቀትን ለመፍጠር ሳይሆን በውጭ አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሻገር ነውና። ይሁን እንጂ ብርዱ በበረታ ቁጥር፣ ማለትም ሙቀት ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ የፓምፑ አፈጻጸም እየደከመ ይሄዳል። ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ቀዝቃዛ አየር ሙቀት ስለሌለው ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብርቱ ብርድ ጊዜ የሚከሠቱትን ሁለት የተለያዩ ድክመቶች፣ የብቃት መቀነስንና የአቅም መቀነስን፣ ለይቶ ማሳየት፣ ከሁለቱም የትኛው የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ይበልጥ እንደሚያንር በአንድ ምሳሌ ማስላት ነው።

ሙቀት ወደ ሞቃቱ ስፍራ የሚሻገርበት መንገድ

ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር ከፍጹም ዜሮ ሲለካ 248 ኬልቪን ነው። ስለዚህ በውስጡ ብዙ ሙቀት አለ። ችግሩ ሙቀት በራሱ ፈቃድ የሚፈስሰው ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚህ አየር ሙቀት ለመውሰድ ከእርሱ የባሰ የቀዘቀዘ ነገር በውጭ ማቅረብ፣ ያንኑ ሙቀት ለቤቱ ለመስጠት ደግሞ ከቤቱ ይልቅ የሞቀ ነገር በውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል። የሙቀት ፓምፕ እነዚህን ሁለት ተግባራት የሚፈጽመው በአንድ ሙቀት ተሸካሚ ንጥረ ነገር ነው። ይህም የሚቻለው የማንኛውም ፈሳሽ የመፍያ ነጥብ በግፊት ስለሚወሰን ነው።

በአውሮፓ ገበያ በብዙ አዳዲስ ፓምፖች ውስጥ የሚገኘውን ፕሮፔንን እንውሰድ። ፕሮፔን ግፊቱ 4.7 ባር ሲሆን በ0 ዲግሪ ይፈላል፤ ግፊቱ 13.7 ባር ሲደርስ ግን ትነቱ በ40 ዲግሪ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ውጭ ባለው ጥቅል ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ ስለሚያዝ ፕሮፔኑ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ይተናል። ኮምፕሬሰሩ ይህን ትነት መጥጦ ያምቀዋል፤ ግፊቱም የሙቀት መጠኑም ከፍ ይላል። ትነቱ ቀጥሎ ወደ ውስጠኛው ጥቅል ቧንቧ ይገባና ሙቀቱን ለቤቱ ውኃ ወይም አየር እየሰጠ ፈሳሽ ይሆናል። በመጨረሻም ፈሳሹ በጠባቡ የማስፋፊያ ቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ቀዝቅዞም ወደ ውጭው ቧንቧ ይመለሳል። ማቀዝቀዣ ፍሪጅ የሚሠራው በዚሁ ዑደት ነው፤ የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀው ከውስጥ የወጣው ሙቀት በዚያ በኩል ስለሚራገፍ ነው።

የመጀመሪያው ድክመት፦ ብቃት

ለቤቱ የተሰጠው ሙቀት ለፓምፑ ለተሰጠው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የአፈጻጸም ንጥጥር ይባላል። የዚህ ንጥጥር የመጨረሻ ጣሪያ ሳዲ ካርኖ በ1824 ካሳተመው ሐሳብ የሚመነጭ ነው። በኬልቪን የተለካው የሞቃቱ ወገን የሙቀት መጠን በሁለቱ ወገኖች ልዩነት ሲካፈል ጣሪያው ይገኛል። ሙቀትን ማሻገር ውኃን ከጉድጓድ ከማውጣት ጋር ይመሳሰላል፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ባልዲ የሚያስፈልገው ድካም ይጨምራል።

ለምሳሌ ያህል በሚኔሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ ያለን አንድ ቤት እናስብ። በዚያ ከተማ በክረምት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ያጋጥማል። ፓምፑ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ነው፤ በውስጠኛው ቧንቧ ፕሮፔኑ ወደ ፈሳሽነት የሚመለሰውም በ40 ዲግሪ ወይም በ313 ኬልቪን ነው እንበል። ውጭው 8 ዲግሪ ሲሆን የውጭው ቧንቧ ወደ 0 ዲግሪ ይወርዳል፤ ጣሪያው 313 ለ40 ሲካፈል 7.8 ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን ቧንቧው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጣሪያውም 313 ለ70 ሲካፈል ወደ 4.5 ይወርዳል።

እውነተኛ ፓምፕ ከዚህ ጣሪያ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። በለዘበው ቀን ግማሹን ያገኛል ብንል ንጥጥሩ 3.9 ይሆናል። በብርቱ ብርድ ግን ይህ ድርሻ ራሱ ያንሳል፤ ምክንያቱም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ የፕሮፔን ግፊት 1.7 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱን ስምንት እጥፍ ማሳደግ ይጠበቅበታል። በለዘበው ቀን የሚበቃው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። የግፊት ልዩነቱ ሲሰፋ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ወደ ኋላ የሚያመልጠው ትነት ይበዛል፤ ታምቆ የሚወጣው ትነትም ከልክ በላይ እየሞቀ የማለስለሻ ዘይቱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ድርሻው ወደ 45 በመቶ ቢወርድ ንጥጥሩ 2 ገደማ ይሆናል። 2 ማለት ግን አሁንም ከተራ ማሞቂያ እጥፍ የተሻለ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ድክመት፦ አቅም

ኮምፕሬሰር በእያንዳንዱ ዙር የሚመጠው የተወሰነ ይዘት ያለው ትነት ነው። በዚያ ይዘት ውስጥ ስንት ግራም ፕሮፔን እንዳለ የሚወስነው የትነቱ ጥግግት ነው። በ0 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ የፕሮፔን ትነት ከ10 ኪሎግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ግን ወደ 3.9 ኪሎግራም ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሻግረው ፕሮፔን ከበፊቱ 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሞተሩ ይዞራል፤ ባልዲው ግን ጎዶሎውን ይመላለሳል።

በምሳሌያችን ፓምፑ በ8 ዲግሪ 8 ኪሎዋት የሚሰጥ ከሆነ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚሰጠው ወደ 3 ኪሎዋት ነው። የቤቱ ፍላጎት ግን በተቃራኒው ይጨምራል። በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ቤቱ 200 ዋት የሚያባክን፣ ውስጡም 20 ዲግሪ እንዲሆን የሚፈለግ ከሆነ፣ በለዘበው ቀን የሚያስፈልገው 2.4 ኪሎዋት ነው፤ በብርቱው ቀን ግን 9 ኪሎዋት ነው። የሚወርደው የአቅም መስመርና የሚወጣው የፍላጎት መስመር የሚገናኙት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ይህም የፓምፑ የሚዛን ነጥብ ይባላል። ከዚያ በታች ፓምፑ ያለ ዕረፍት ቢሠራም ለብቻው ቤቱን ማሞቅ አይችልም።

ጉድለቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ተጠባባቂ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ፓምፑ 3 ኪሎዋት ለመስጠት 1.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ተጠባባቂው ደግሞ ቀሪውን 6 ኪሎዋት አንድ ለአንድ ይሰጣል። በድምሩ ለ9 ኪሎዋት ሙቀት 7.5 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የጠቅላላው ሥርዓት ንጥጥርም 1.2 ብቻ ይሆናል። የሁለቱን ድክመቶች ድርሻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ንጥጥሩ 3.9 እንደሆነ ቢቆይና አቅሙም ቢበቃ ኖሮ የሚያስፈልገው 2.3 ኪሎዋት ነበር። ንጥጥሩ ወደ 2 ወርዶ አቅሙ ቢበቃ 4.5 ኪሎዋት ይሆናል። ስለዚህ የብቃት መቀነስ የጨመረው 2.2 ኪሎዋት ሲሆን፣ የአቅም መቀነስ የጨመረው 3 ኪሎዋት ነው።

አመዳይና የምርመራ ምልክቶች

በውጭው ቧንቧ ላይ የሚጋገረው አመዳይ የአየሩን መተላለፊያ ስለሚዘጋ ፓምፑ ዑደቱን ገልብጦ ከቤቱ በተወሰደ ሙቀት ማቅለጥ ይኖርበታል። ይህ ኪሳራ እውነተኛ ነው፤ የሚበረታው ግን በብርቱ ብርድ ሳይሆን በ0 ዲግሪ አካባቢ፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት ጊዜ ነው። በ0 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 4.8 ግራም የውኃ ተን ሊይዝ ሲችል ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ግን አንድ ግራም እንኳ አይይዝም።

በመስክ ልኬት ምክንያቶቹን ለመለየት የሚረዳው በውጭው አየርና በቧንቧው መካከል ያለው የሙቀት መጠን ልዩነት ነው። ልዩነቱ በደቂቃዎች ውስጥ እየሰፋ ሄዶ ከማቅለጫው ዙር በኋላ ወደ ቦታው ከተመለሰ ምክንያቱ አመዳይ ነው። በለዘበም በከበደም ቀን ሁልጊዜ ሰፍቶ ከተገኘና ከቧንቧው የሚወጣውም ትነት ከመጠን በላይ ሞቆ ከታየ የፕሮፔኑ መጠን መጉደሉ ይጠረጠራል። ልዩነቱ ሳይሰፋ፣ ምናልባትም እየጠበበ፣ የሚሰጠው ሙቀት ብቻ ከቀነሰ ግን የሚታየው የጥግግት መቀነስ ነው፤ ይህም ብልሽት ሳይሆን የዑደቱ ባሕርይ ነው።

መፍትሔዎቹና ወሰናቸው

ከላይ የተለዩት ምክንያቶች ለእያንዳንዳቸው የሚስማማውን መድኃኒት ያመለክታሉ። ለአቅም ጉድለት ፍጥነቱን በብርድ ጊዜ የሚጨምር ኮምፕሬሰር ያገለግላል። በመካከለኛ ግፊት ላይ ተጨማሪ ትነት ወደ ኮምፕሬሰሩ የማስገባት ዘዴ ደግሞ የሚሻገረውን ሙቀት ይጨምራል፤ ታምቆ የሚወጣውንም ትነት ያበርዳል። ለብቃት ጉድለት የሚረዳው በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነው። በወለል ሥር በተዘረጋ ሰፊ ቧንቧ የሚሞቅ ቤት ለብ ባለ ውኃ ይረካል። በምሳሌያችን የሞቃቱ ወገን ከ40 ወደ 30 ዲግሪ ቢወርድ በብርቱው ቀን የካርኖ ጣሪያ ከ4.5 ወደ 5 ከፍ ይላል። በተቃራኒው በብርቱ ብርድ ቀን ይበልጥ የሞቀ ውኃ የሚፈልጉ የቆዩ ራዲያተሮች ባሉበት ቤት ውጤቱ ከዚህ ስሌት የከፋ ይሆናል።

በቀዝቃዛው ወገን ደግሞ ከአየር የተሻለ ምንጭ መምረጥ ይቻላል። በ1938 በዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ የተተከለው የሙቀት ፓምፕ ሙቀቱን የሚስበው በአጠገቡ ከሚያልፈው የሊማት ወንዝ ነበር። የሚፈስስ ወንዝ ከ0 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ አየሩ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ጉድጓዱ አይጠልቅም፤ ትነቱም አይሳሳም።

ከዚህ ስሌት ለአጥኚዎች የሚከተለው አንድ ነገር ነው። በአምራቾች መግለጫ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው በለዘበ አየር የተለካ የአፈጻጸም ንጥጥር ለቀዝቃዛ አገር ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። በአካባቢው ብርቱ በሆነው ብርድ ፓምፑ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥና የቤቱ ፍላጎት ስንት እንደሆነ አብሮ ካልተገለጸ፣ የተጠባባቂው ማሞቂያ ፍጆታ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።