ሁለቱን መግቢያዎች ማን እኩል ያደርጋቸዋል?

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመዳብ ሽቦ የተላከ ድምፅ ነቀምቴ እስኪደርስ እየደከመ ስለሚሄድ፣ መንገድ ላይ የሚያጎላው ማጉያ ያስፈልገዋል። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በስልክ ያገናኙ መሐንዲሶች ደግሞ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ርቀት ነበረባቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ማጉያ ድምፁን በጥቂቱ ማዛባቱ ነው፤ ተከታዩ ማጉያ ያንን መዛባት ከድምፁ ጋር አብሮ ያጎላዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል።

ሃሮልድ ብላክ የተባለው ወጣት መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 አንድ መፍትሔ አገኘ። ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መጠኑን አሳንሶ ከገባው ላይ ሲቀንሰው የሚቀረው መዛባቱ ብቻ ነው፤ ያንን በሁለተኛ ማጉያ አጉልቶ ከውጤቱ ላይ አነሳው። ዘዴው ሠራ። ነገር ግን ሁለቱ ማጉያዎች ፍጹም ካልተመጣጠኑ ቅነሳው ይከሽፋል፤ የቫኩም ቱቦዎች የማጉላት አቅም ደግሞ በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

ኦገስት 2 ቀን 1927 ጠዋት ብላክ በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ ሌላ መንገድ ታየው፤ በያዘው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይም ነደፈው። ማጉያው ከሚፈለገው እጅግ የበለጠ አቅም ይኑረው፤ ከሚወጣው ላይ የተወሰነው ክፍል ወደ መግቢያው ይመለስና የገባውን ይቃወም። ኔጌቲቭ ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ሲሞከር መዛባቱ ወደ መቶ ሺህኛ ወረደ። ያም ሆኖ የፓተንት ማረጋገጫውን ለማግኘት እስከ 1937 ጠብቋል።

ትልቅ አቅም ለምን እንደሚባክን ለማየት የዛሬውን ኦፕ አምፕ እንውሰድ። በ1968 የወጣው 741 በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት 200,000 ጊዜ ያህል ያጎላል። ከመውጫው ወደ መቀነስ ምልክት መግቢያው የ9 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከዚያ መግቢያ ወደ ግራውንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እናገናኝ። የመውጫው አንድ አሥረኛ ተመለሰ ማለት ነው። አሁን በመደመር ምልክት መግቢያው ላይ 0.5 ቮልት እንስጥ።

መጀመሪያ መውጫው ዜሮ ስለሆነ በመግቢያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ነው። 741 ይህን አይቶ መውጫውን በማይክሮ ሰከንድ ግማሽ ቮልት ያህል ከፍ ያደርገዋል። መውጫው 2 ቮልት ሲደርስ የተመለሰው 0.2 ነው፤ ልዩነቱ ወደ 0.3 ጠበበ። 4 ቮልት ላይ ልዩነቱ 0.1 ነው። መውጫው የሚረጋው 5 ቮልት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ 4.99975 ላይ ነው። እዚያ ያለው ልዩነት 25 ማይክሮ ቮልት ነው፤ ይህም በ200,000 ሲባዛ መውጫውን እዚያው ይዞ ለማቆየት ልክ ይበቃል። ልዩነቱ ዜሮ ቢሆን መውጫውን የሚደግፈው ነገር አይኖርም ነበር። መግቢያዎቹ እኩል ናቸው የምንለው ይህ ትራፊ ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ነው።

የቺፑ አቅም በግማሽ ቢወርድስ? ልዩነቱ ወደ 50 ማይክሮ ቮልት ያድጋል፤ መውጫው ግን 4.9995 ይሆናል። ለውጡ ሩብ ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ብላክን በየሰዓቱ ያስቸገረው መለዋወጥ እዚህ ጠፋ፤ ውጤቱን የሚወስኑት ሁለቱ ሬዚስተሮች ሆኑ።

ስለዚህ እኩልነቱ በቺፑ ውስጥ የተሠራ ግንኙነት አይደለም፤ በመግቢያዎቹ መካከል የሚፈሰው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። እኩል የሚያደርጋቸው ከመውጫው ዞሮ የሚመለሰው መንገድ ነው፤ መንገዱ ከተበላሸ እኩልነቱም ይጠፋል። በዚሁ ሰርኪዩት ላይ 2 ቮልት ብንሰጥ መውጫው 20 ቮልት መድረስ ነበረበት። በ±15 ቮልት የሚሠራ 741 ግን 14 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ የተመለሰው 1.4 ስለሆነ በመግቢያዎቹ መካከል 0.6 ቮልት ይቀራል። መግቢያዎቹ ተገለባብጠው ከተያያዙም ፊድባኩ ልዩነቱን ከማጥበብ ይልቅ ያሰፋዋል፤ መውጫው አንዱ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ፍጥነትም ወሰን አለው፤ በ10 ኪሎ ኸርዝ የ741 አቅም ወደ 100 ገደማ ስለሚወርድ፣ 5 ቮልት ለማውጣት 50 ሚሊ ቮልት ልዩነት ይጠይቃል።

እንግዲህ የማይሠራ ሰርኪዩት የገጠመው ሰው በቋሚ ቮልት እየሠራ ሳለ ቴስተሩን በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ያሳርፍ። ከጥቂት ሚሊ ቮልት ያልበለጠ ከታየ ፊድባኩ ሥራውን ይዟል፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ብዙ መቶ ሚሊ ቮልት ከታየ ግን መጀመሪያ መውጫው ጫፍ ላይ መጣበቁን፣ ቀጥሎም የተቋረጠ ሬዚስተር ወይም የተገለበጠ መግቢያ መኖሩን ይመርምር።