የተጠገነ ፎርም ለሥራ ማመልከቻ

በራሱ ጥረት የተማረ ዲቨሎፐር ለጀማሪ የዌብ ሥራ ሲያመለክት ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ይሞላዋል፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት። ቀጣሪው ይህንኑ ዝርዝር በሌሎቹም ማመልከቻዎች ላይ ያነበዋል። ለደንበኛ የጠገነው ዌብሳይት ካለው ግን ደብዳቤው መነሳት ያለበት ከዚያ ነው።

ለምሳሌ ሐዋሳ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያን እናስብ። እንግዳው ክፍል ለመያዝ ፎርሙን ሞልቶ ሲልክ ገጹ «መልእክትዎ ተልኳል» ይለዋል፤ ለባለቤቷ ግን ምንም አይደርሳትም። ይህ ብልሽት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እርሷ የሚታያት ገበያው መቀዝቀዙ ብቻ ነው።

የተለመደው መንስኤ ፎርሙ የእንግዳውን አድራሻ በላኪነት ማስገባቱ ነው። መልእክቱን የሚልከው የዌብሳይቱ ሰርቨር ሆኖ ሳለ ላኪው የጂሜይል አድራሻ ይሆናል። ተቀባዩ የኢሜይል አገልግሎት ሰርቨሩ በጂሜይል ስም የመላክ ፈቃድ እንደሌለው ሲያይ መልእክቱን ወይ ወደ ስፓም ይጥለዋል ወይ ይመልሰዋል። መፍትሔው ላኪውን የማረፊያውን አድራሻ አድርጎ እንግዳውን መልስ ተቀባይ ማድረግ ነው፦

```
From: info@example.com
Reply-To: guest@gmail.com
```

አመልካቹ ይህን በደብዳቤው እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦

«የማረፊያው ፎርም "ተልኳል" ቢልም የክፍል ጥያቄዎች ለባለቤቷ አይደርሱም ነበር። የሰርቨሩን የኢሜይል መዝገብ ስመረምር መልእክቶቹ በእንግዶቹ አድራሻ ስም እየተላኩ እንደሚመለሱ አየሁ። ፎርሙ በማረፊያው የኢሜይል አካውንት እንዲልክ አስተካከልሁ። ከተለያዩ አድራሻዎች ከሞከርሁ በኋላ በደረሱት መልእክቶች ላይ SPF: PASS የሚለውን አረጋገጥሁ። ገጹን የነደፈው ሌላ ባለሙያ ነው፤ የእኔ ሥራ ፎርሙ ብቻ ነው።»

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጣሪው በቃለ መጠይቅ ስለ ገጹ ንድፍ ሲጠይቅ አመልካቹ ያልሠራውን ለማስረዳት አይገደድም። ብልሽቱ፣ መንስኤው፣ ጥገናውና ማረጋገጫው በተከታታይ መጻፋቸው ደግሞ ሰውዬው ችግር ሲገጥመው ከየት እንደሚጀምር ያሳያል። በእርግጥ አንድ ፎርም መጠገን በቡድን መሥራትን ወይም ትልቅ ኮድ ማንበብን አያረጋግጥም፤ ደብዳቤውም እንዲህ ማለት የለበትም።

ሊንክ ብቻ መላክ ግን አይበቃም። የተጠገነ ዌብሳይት የቀድሞ ብልሽቱን አያሳይምና የስህተቱን መዝገብ ቅጂና የተቀየረውን ኮድ አብሮ ማያያዝ ያስፈልጋል።

እርስዎም እንዲህ ያለ ሥራ ካለዎት፣ ከመላክዎ በፊት የዌብሳይቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ከኮዱ፣ የእንግዶችን ስምና ስልክ ደግሞ ከመዝገቡ ያጥፉ።