ያለደመወዝ ፈቃድ ተቀናሽ፦ አካፋዩ 30 ወይስ 26?

ያለደመወዝ ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ የሚቀነስበት ገንዘብ የወር ደመወዙ በስንት ቀን እንደተካፈለ ይወሰናል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት የወር ደመወዙ 15,600 ብር የሆነን ሠራተኛ እንውሰድ። በወሩ 30 ቀናት ቢካፈል የቀን ክፍያው 520 ብር፣ በ26 የሥራ ቀናት ቢካፈል ደግሞ 600 ብር ነው።

ይህ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ ቢወስድ በሥራ ቀን ስሌት 6 ቀን ተቆጥሮ 3,600 ብር ይቀነስበታል። በ30 ያካፈለ ሒሳብ ሠራተኛ ግን እሑድን ጨምሮ 7 ቀን መቁጠር አለበት፤ ተቀናሹም 3,640 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ከ40 ብር አይበልጥም። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ በ26 አካፍሎ 7 ቀን የቆጠረ 4,200 ብር ይቀንሳል። ይህን ለመለየት ወሩን ሙሉ የቀረ ሠራተኛን ተቀናሽ ማስላት ይበቃል፤ ከደመወዙ ጋር እኩል ካልሆነ አካፋዩና ቆጠራው አልተጣጣሙም።

ቋሚው 26 ራሱ ግን ይህን ፈተና ሁልጊዜ አያልፍም። በዓል በሌለበት፣ አራት እሑዶች ባሉት የ31 ቀን ወር የሥራ ቀኑ 27 ነው። በዚያ ወር አንድ ቀን ሠርቶ 26 ቀን የቀረ ሠራተኛ 15,600 ብር ተቀንሶበት ለሠራበት ቀን ምንም አያገኝም። (አምስት እሑዶች ባሉት የ30 ቀን ወር ደግሞ በተቃራኒው፣ ምንም ያልሠራ ሰው 600 ብር ይተርፈዋል።) ስለዚህ ለረዥም ፈቃድ የዚያኑ ወር ትክክለኛ የሥራ ቀናት አካፋይ ማድረግ የተሻለ ይመስለኛል። በምሳሌው ወር የአንዱ ቀን ክፍያ 577 ብር ከ78 ሳንቲም ይሆናል፤ ዋጋው ግን የቀን ክፍያው ከወር ወር መለዋወጡ ነው።