ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመንገደኞች መመዝገቢያው ፊት ወለል ላይ ሻንጣውን ዘርግቶ የሚያራግፍ መንገደኛ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው መንገደኛው ጠቅላላ ኪሎውን ብቻ አስልቶ ከቤት ስለሚወጣ ነው።

አንዲት እናት ዋሽንግተን ያሉ ልጆቿን ልትጠይቅ ነው እንበል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ትኬት ሁለት የሚጫኑ ሻንጣዎች ተፈቅደውላታል፤ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ። በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 26 ኪሎ ሆነ። ልብስ የያዘው 19 መዘነ። «ድምሩ 45 አይደል? የተፈቀደልኝ እኮ 46 ነው» ትላለች። የመመዝገቢያዋ ሠራተኛ ግን «ልክ ነው እናቴ፤ ግን ይሄኛው ለብቻው በዝቷል» ትላታለች።

ሠራተኛዋ የምትከተለው ደንብ እያንዳንዱን ሻንጣ ለየብቻ የሚያይ ነው። ሻንጣን ከጋሪ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ሲያስገቡና ሲያወጡ በእጃቸው የሚያነሱ ሠራተኞች አሉ፤ ወገባቸውን የሚጎዳው የአንዱ ሻንጣ ክብደት እንጂ የሁለቱ ድምር አይደለም። በዚህ ምክንያት በብዙ አየር መንገዶች ከ23 እስከ 32 ኪሎ የሚመዝን የኢኮኖሚ ሻንጣ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ከ32 ኪሎ ያለፈ ግን ካልተቀነሰ በቀር በተራ ሻንጣነት አይጫንም። ሴትዮዋ ሦስት ኪሎ በርበሬ ወደ ልብሱ ሻንጣ ስታዛውር አንዱ 23፣ ሌላው 22 ይሆናል፤ ክፍያም የለባትም።

ሁሉም ትኬት ግን እንዲህ አይቆጥርም። ትኬቱ ላይ 2PC የሚል ከተጻፈ በቁጥር የሚሰላ ነው፤ ሁለት ሻንጣ ማለት ነው። 30K ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ ክብደቱ 30 ኪሎ እንዳያልፍ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ትኬት ድምሩ ይታያል፤ ያም ሆኖ አንዱ ሻንጣ ብቻውን ከ32 ኪሎ ማለፍ የለበትም።

ከክብደቱ ሌላ መጠንም አለ። በቁጥር በሚሰላው ትኬት የሚጫን ሻንጣ ቁመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ሜትሩ የሚያርፈው ከውጭ ነው፤ ጎማውና የማይገባው እጀታ አብረው ይለካሉ። 76 በ50 በ31 የሆነ ሻንጣ 157 ስለሚሆን ያልፋል። ማስፊያ ዚፑ ተከፍቶ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ግን 162 ይሆናል፤ ሚዛኑ 20 ኪሎ ቢያሳይም ከመጠን በላይ ነው።

የእጅ ሻንጣ አለካክ ከዚህ ይለያል። መንገደኛው ራሱ አንስቶ ከመቀመጫው በላይ ካለው ሣጥን የሚከተው ስለሆነ ሦስቱ ጎኖቹ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ ጎን የራሱ ወሰን አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ክብደት ያለው፣ መጠኑም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሻንጣ ነው። መጠኑን ለማየት መለኪያ የብረት ሣጥን ይቆማል፤ ሻንጣው ሳይገፋ ከገባ ያልፋል፣ ጎማው ወደ ውጭ ከቀረ አያልፍም። አሜሪካ ደርሶ በአገር ውስጥ በረራ የሚቀጥል መንገደኛ ይህንን ልብ ይበል፦ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት 56 በ36 በ23 ገደማ ነው፤ ከቦሌ በ40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለፈ ሻንጣ እዚያ ሊከለከል ይችላል።

ትርፍ ኪሎን ወደ እጅ ሻንጣ ማሸጋገርም ገደብ አለው። 7 ኪሎው ቶሎ ይሞላል፤ ማርም በፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በእጅ አይገባም፣ የሚጫነው ውስጥ መሆን አለበት። በተቃራኒው የስልክ ኃይል መሙያ ባትሪ ከሚጫነው ሻንጣ ወጥቶ በእጅ ይያዛል፤ እሳት ቢያስነሳ ሰው ሊደርስበት የሚችለው እዚያ ነውና።

መመዝገቢያው ጋ ሚዛኑ ያለው ሻንጣው ከሚተኛበት ቀበቶ ሥር ነው። ሻንጣዎ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን ይዩ። ሻንጣው ግድግዳውን ከተደገፈ ወይም የቀደመው ሰው ሻንጣ ከነካው ቁጥሩ ይዛባል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ያጋድሙት፣ እጅዎን ያንሱ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከተጠራጠሩ በጎን ባለው ሚዛን እንዲመዘንልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ ሻንጣውን ይዘው ይመዘኑና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። የቤት ሚዛን ጥቂት ሊሳሳት ስለሚችል ለ23 ኪሎ ገደብ 22 ላይ ያቁሙ። ከሁሉ በፊት ግን ትኬትዎ ላይ ያለውን የሻንጣ መስመር ያንብቡ፤ መመዝገቢያው ላይ የሚሠራው እሱ ነው።