ከብሩ በፊት ያለው አንቀጽ

«ጉዳዩ፦ ለቅሬታዎ ምላሽ ስለመስጠት» የሚል ደብዳቤ ከሻጭ ድርጅት የደረሰው ሰው ዓይኑ ቀድሞ ብሩን ይፈልጋል። ይመልሳሉ ወይስ አይመልሱም? ከመለሱስ ስንት? የራሱ ገንዘብ ነውና አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከብሩ በላይ ያለውን አንቀጽ፣ ማለትም ድርጅቱ ዕቃውን መርምሮ ምን እንዳገኘ የሚናገርበትን ክፍል፣ ዘሎ ማለፍ ገንዘብ ያስከፍላል። የሚመለሰው ገንዘብ መጠን የሚወሰነው እዚያ ላይ ነውና። እንዴት እንደሆነ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለማብራሪያ የተዘጋጀ ነው፤ ፍሪጅ የገዛ ሰው ግን ጠረኑን ያውቀዋል።

አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ ሚያዝያ 3 ቀን አዲስ ፍሪጅ በ46,000 ብር ገዛች እንበል። በስድስተኛው ቀን ፍሪጁ ማቀዝቀዝ አቆመ። ሞተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ በረዶ ግን የሚታየው በላይኛው ክፍል አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን ደረሰኟን አያይዛ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመለከተች፤ የፍሪጁ ዋጋ፣ ለማመላለሻ ያወጣችው 1,500 ብር እና ተበላሽቶ የተጣለው ሥጋ 4,200 ብር እንዲከፈላት ጠየቀች። ከቀናት በኋላ የሚከተለው መልስ መጣላት።

«በቴክኒክ ክፍላችን በተደረገው ማጣራት ችግሩ ከኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ጋር የተያያዘ መሆኑ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ድርጅታችን ለደንበኞቹ ካለው ክብር የተነሳ የዕቃውን ዋጋ 70 በመቶ እንዲመለስልዎ ተወስኗል።»

ሲያነቡት ደግነት ይመስላል። ሒሳቡ ግን 32,200 ብር ነው፤ ቀሪው 13,800 ብር «መዋዠቅ» በምትለው አንዲት ቃል ተበልቷል። መብራት መዋዠቁን በከተማችን የማያውቅ ስለሌለ ቃሏ ለመታመን አትቸገርም። ደንበኛዋም ስታቢላይዘር ስላልነበራት «እውነታቸውን ነው» ብላ ልትቀበል ትችላለች። እዚህ ላይ ነው የግኝቱን አንቀጽ እንደ ባለሙያ ማንበብ የሚያስፈልገው።

የኃይል መዋዠቅ ፍሪጅን ሲጎዳ በአብዛኛው የሚያጠቃው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ክፍል ነው። ወይ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል፣ ወይ ማስነሻው ይበላሻል፣ ወይም በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ላይ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ይነዳል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ጨርሶ ዝም ይላል፤ አለዚያም ለጥቂት ሰከንድ እያጉረመረመ ለመነሳት ይታገልና «ቀጭ» ብሎ ይጠፋል። ቴክኒሻን በመለኪያ የጥቅሉን ሽቦ ሲፈትሽ ጉዳቱን ያገኘዋል። የደንበኛችን ፍሪጅ ግን ሌት ተቀን ሲሠራ ነው የሰነበተው። ሞተሩ እየሠራ ቅዝቃዜ ሲጠፋና በረዶው ጥግ ላይ ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጋዝ ማነስ ነው። በዛሬዎቹ የቤት ፍሪጆች በብዛት የሚሞላው አይሶቡቴን የተባለው ጋዝ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ግራም አይበልጥም። ስለዚህ በፀጉር ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር በጥቂት ቀናት ልታስጨርሰው ትችላለች። መብራት ደግሞ የቱንም ያህል ቢዋዥቅ ጤነኛ ቱቦ አይበሳም።

ስለዚህ ደንበኛዋ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ መልሳ መጠየቅ ያለባት ብዙ አይደለም። ፍሪጁን ማን፣ መቼ መረመረው? በምን ለካው? የተበላሸው ክፍል የትኛው ነው? ደብዳቤው ለእነዚህ መልስ ከሌለው «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አላረጋገጠም። የምርመራ ሪፖርቱ ቅጂ እንዲሰጣት መጠየቅም ትችላለች፤ መርምሬያለሁ ያለ ድርጅት ወረቀቱን ለማሳየት አይቸገርም።

አሁን ያንኑ ጉዳይ በወጉ የመረመረ ድርጅት እንዴት እንደሚጽፈው እንይ። የግኝቱ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ሚያዝያ 15 ቀን ቴክኒሻናችን መኖሪያ ቤትዎ ተገኝቶ ፍሪጁን እርስዎ ባሉበት መርምሯል። የሶኬቱ ቮልቴጅ 218 ሲሆን ሞተሩም ይሠራል፤ የጥቅል ሽቦው ልኬት ትክክለኛ ነው። ፍሪጁን ወደ ጥገና ክፍላችን ወስደን በናይትሮጅን ስንሞላውና መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ስንፈትሽ ከኋላ በኩል ከማጣሪያው አጠገብ ያለው ብየዳ አረፋ አውጥቷል። በቦታው የዘይት እርጥበት ታይቷል። የፋብሪካው ቀለም ያልተነካ በመሆኑ መጋጠሚያውን ከሽያጭ በኋላ ማንም እንዳልከፈተው ተረድተናል። በመሆኑም ብልሽቱ የፋብሪካ እንጂ የአጠቃቀም አይደለም።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ በር ይዘጋል። ቮልቴጁና የሽቦው ልኬት የመዋዠቁን ሰበብ ያስወግዳሉ። ቀለሙ ያልተነካ መሆኑ «ሰፈር ያለ ጠጋኝ ነካክቶት ነው» የሚለውን ይዘጋል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ጋዙ የወጣበት ቦታ በስሙ መጠራቱ ነው። ጋዝ ማለቁን ብቻ የሚነግር ደብዳቤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ቀዳዳው ያለበት ቦታ ነውና። ለምሳሌ ቀዳዳው በበረዶ ቤቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቢሆንና ዙሪያው የስለት ጭረት ቢታይበት ነገሩ ይገለበጣል። በረዶ በቢላዋ ሲፈቀፈቅ ቀጭኑ አሉሚኒየም ይበሳል፤ ያን ጊዜ ድርጅቱ ገንዘብ አልመልስም ቢል ምክንያት አለው። ከኋላ፣ እጅ በማይደርስበት የብየዳ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ግን የተጠቃሚ እጅ የለበትም።

በግኝቱ ላይ ቀጥሎ ውሳኔው ይመጣል። እዚህም የሚታለፍ የሚመስል ነገር ብዙ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። ደንበኛዋ የከፈለችው 46,000 ብር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ነው። ለብቻው ሲታይ ዋጋው 40,000፣ ታክሱ 6,000 ብር ነው። አንዳንድ ሒሳብ ክፍል «ታክሱ ለመንግሥት ገብቷል፣ እኛ ጋ የለም» ብሎ 40,000 ብቻ ሊመልስ ይቃጣዋል። ሽያጩ ከተሰረዘ ግን ሻጩ የሰበሰበውን ታክስ በተመላሽ ሰነድ ከሒሳቡ የሚያስተካክልበት አሠራር አለ፤ ጣጣው የድርጅቱና የገቢዎች እንጂ የገዢዋ አይደለም። ዋናውን ደረሰኝ እንድትመልስ የሚጠይቋትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዋናውን ትስጥ፣ ፎቶ ኮፒውን ግን ቤቷ ታስቀር።

ጥሩው ደብዳቤ እንግዲህ እንዲህ ይላል፦ የዕቃው ዋጋ ከነታክሱ 46,000 ብር፣ ማመላለሻ 1,500 ብር፣ በድምሩ 47,500 ብር ይመለስልዎታል። ክፍያው በምን መንገድ እንደሚፈጸም፣ በስንት የሥራ ቀን ውስጥ እንደሆነና ለማን ቢሮ መምጣት እንዳለባት ይጠቅሳል። «በቅርቡ» የሚል ቃል እዚህ ቦታ ላይ ቦታ የለውም። «በቅርቡ» የስንት ወር ዕድሜ እንዳለው በቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቃል።

የሥጋው 4,200 ብርስ? የዚህን ድርጅት ደብዳቤ ካስወደዱኝ ነገሮች አንዱ ይህን በዝምታ አለማለፉ ነው። «የተበላሸ ምግብን በተመለከተ ላቀረቡት ጥያቄ የግዢ ማስረጃ ስላልተያያዘ አልተቀበልነውም፤ ማስረጃ ካለዎት በ10 ቀን ውስጥ ሊያቀርቡ ይችላሉ» ይላል። እምቢታው ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ታውቋል፣ በሩም አልተዘጋም። ብዙ ድርጅቶች ግን የሚሰጡትን ጽፈው የሚከለክሉትን ይውጡታል። ደንበኛውም የተከለከለውን የሚያስታውሰው ከፈረመ በኋላ ነው።

ፊርማው ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። ገንዘቡን ለመቀበል ስትሄድ «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል ቅጽ ሊቀርብላት ይችላል። በደብዳቤው ላይ ይህ ቅድመ ሁኔታ ካልተጻፈ ገንዘብ ክፍል መስኮት ላይ ድንገት ሊመጣ አይገባም። ሙሉ ገንዘቧን አግኝታ የቀረ ጥያቄ ከሌላት መፈረሙ አይጎዳትም። የሥጋው ጉዳይ ካልተቋጨ ግን «47,500 ብር ተቀብያለሁ» ብላ የተቀበለችውን መጠን ብቻ ጠቅሳ ብትፈርም ይሻላታል።

«በበጎ ፈቃድ» የሚለው አባባልም ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ድርጅቱ ብልሽቱን አምኖ ሲመልስ ለገዢዋ መብቷን ነው የሰጣት። ጥፋት የለብኝም እያለ በበጎ ፈቃድ ሲመልስ ግን ችሮታ አድርጎላታል፤ ችሮታ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ሰጪው ነው። 70 በመቶ የተባለው ከዚያ የመጣ ነው፤ 60 ቢሉም የምትከራከርበት አልነበራትም። የምትከራከርበትን የሚሰጣት ግኝቱ ብቻ ነው።

ስለ መብት ካነሳን በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያ የተሻለ ዋስትና በውል ከተሰጠው ደግሞ በዚያ ይጠቀማል። የምሳሌያችን ደንበኛ ሚያዝያ 11 ቀን በጽሑፍ ማመልከቷ ለዚህ ነው የጠቀማት፤ ከገዛች ስምንት ቀኗ ነበር። በስልክ ብቻ ተነጋግራ «ቴክኒሻን ነገ ይመጣል» እየተባለች ብትጠብቅ ኖሮ ቀኑ ባለፈ ጊዜ በእጇ የሚያሳይ ነገር አይኖራትም ነበር።

ስለዚህ ዕቃዎ ከተበላሸ ቴክኒሻን ሊልኩልዎ ቃል ቢገቡም አይጠብቁ። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስመቱበት። መልሱ ሲመጣም ወደ ብሩ ከመሄድዎ በፊት ምን እንደተበላሸና የት እንደተበላሸ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ፤ ከሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ።